ቃሉን ማወቅ ፊደሉን ማየት አይደለም

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ከፈረሰ ወዲህ የፒያሳ አሮጌ ፎቶ ያልለጠፈ ቻናል ያለ አይመስለኝም። የድሮ መንገድ፣ የድሮ ሱቅ፣ የድሮ ታፔላ። ጥሩ ነው፤ እኔም ከሚያጋሩት አንዱ ነኝ። የሚያሳስበኝ ብዙዎቹ "ታድሰው" መምጣታቸው ነው። ታፔላው ላይ ያለው ጽሑፍ ትናንት የተጻፈ ይመስል ጥርት ብሎ ይነበባል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን አንዳንዱ ፊደል ከኮምፒውተር የመጣ ነው፤ አንዳንዱም ከዚያው ታፔላ ላይ ከሌላ ቃል ተገልብጦ የተለጠፈ ነው። አዳሹ ያየውን ሳይሆን የገመተውን ነው የጻፈው። ከዚያ በኋላ ፎቶው እንደ ማስረጃ ይዞራል፤ "ይኸው ታፔላው ላይ ተጽፏል" እንባባላለን።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ፎቶ ነው። ከፒያሳ ስለተነሡ ትንንሽ ሱቆች ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንዲት ሴት የአያታቸውን ሱቅ ፎቶ አመጡልኝ። አያታቸው ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ፎቶው በቤተሰቡ አነጋገር በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተነሣ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ 9 በ14 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ቢጫ የወየበ። በላይኛው በኩል አንድ ጊዜ ታጥፎ ያውቃል። እጥፋቱ ታፔላውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን ተሰነጣጥቋል። የቀኙ ጫፍ ደግሞ ፀሐይ በልቶት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ታፔላው ሁለት መስመር ነው። በላይኛው መስመር የአያትየው ስም ከነአባታቸው አለ (ቤተሰቡ እንዲወጣ ስላልፈለገ እዘለዋለሁ)፣ ከዚያ "እና"፣ ከዚያ "ል…" ብሎ ይጠፋል። የታችኛው መስመር ሥራቸውን ይናገራል፤ የመጀመሪያው ፊደል ከወገቡ በላይ እጥፋቱ ውስጥ ገብቷል፣ ቀጥሎ "ዓት ሠሪ" ይላል።

ሴትዮዋ ከዋናው ፎቶ ጋር አንድ ትልቅ፣ በመስታወት የተገጠመ ህትመትም ይዘው ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ፎቶ ቤት ያደሰላቸው ነው። እሱ ላይ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ከላይ "እና ልጁ" ይላል፤ ከታች "ሠዓት ሠሪ" ይላል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። የሴትዮዋ አጎት፣ ዛሬ ሰማንያ ያለፉ አዛውንት፣ ይህንን ህትመት ቤታቸው ለመስቀል እምቢ ብለዋል። "እኔም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ 'እና ልጆቹ' ነበር የሚለው" ይላሉ። የታላቅ ወንድማቸው ልጆች ደግሞ ፎቶውን አሳይተው "ይኸው፣ ልጁ ነው የሚለው፤ አባታችን ብቻ ነበር አብሮት የሚሠራው" ይላሉ። ስንት ዓመት ሙሉ በበዓል በተገናኙ ቁጥር የሚነሣ ነገር ነው። ገንዘብ የለበትም። ሱቁም ዛሬ የለም። ሽማግሌው የሚፈልጉት እንደነበሩ እንዲታወቅላቸው ብቻ ነው።

ሴትዮዋ የጠየቁኝ ቀላል ነበር፦ "ልጄ፣ እስቲ አንተ በደንብ አጽዳልኝና እውነቱ ይለይ።"

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ልበል። የላቲን ፊደል ግማሹ ቢጠፋ የቀረው ግማሽ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የእኛ ፊደል ትርጉሙን የሚይዘው ግን ጫፉ ላይ ነው። በ ሁለት እግር ያላት ጠረጴዛ ናት። ቀኝ እግሯ መሐል ላይ ትንሽ ጭረት ስትጨመር ቡ፣ ጭረቷ ወደ እግሩ ጫፍ ስትወርድ ቢ፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ሲሆን ቤ ትሆናለች። አንዱ እግር ሲያጥር ባ፣ ሌላው ሲያጥር ቦ ነው። ቆቡም አለ፤ ሰ ላይ አግድም መስመር ከተደረገ ሸ፣ ነ ላይ ከተደረገ ኘ፣ ተ ላይ ከተደረገ ቸ ይሆናል። አሁን ይህንን ከአሮጌ ፎቶ ጋር አስቡት። አንዲት የፀጉር ስፋት ያላት አግድም ጭረት ነ አናት ላይ ብታልፍ ኘ ታደርጋታለች። ያቺው ጭረት ቸ አናት ላይ ብታልፍ ደግሞ ቆቧን ፍቃ ተ ታደርጋታለች። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት "ምን ተጻፈ?" የሚለው ሳይሆን "የትኛው ቀለም ነው፣ የትኛው ጉዳት ነው?" የሚለው ነው።

ፎቶውን ስካን ያደረግሁት በጠፍጣፋ ስካነር፣ በኢንች 1200 ነጥብ ነው። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም፣ በ16 ቢት፣ እንደ TIFF ፋይል። ወደ 170 ሜጋባይት ወጣ። ታፔላው ፎቶው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ አንድ ፊደል ቁመቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መጠን አንድ ፊደል ወደ 95 ነጥብ፣ ካዕብን ከግዕዝ የምትለየው ትንሿ ቅጥያ ደግሞ 10 ነጥብ ገደማ ታገኛለች። ከዚህ በላይ መጨመር ብዙም አይረዳም፤ የወረቀቱን ሸካራነት ታጎላላችሁ እንጂ ሌንሱ ያልያዘውን ፊደል አታመጡም።

ስካነሩ በራሱ ፈቃድ የሚያደርገውን ማሳመር በሙሉ አጠፋሁ፤ በተለይ አቧራ ማስወገጃውን። ምክንያቱን እነሆ። ይህ ታፔላ በቃላት መካከል እንደ ድሮው ሁለት ነጥብ (፡) አለው። ለማሽኑ ሁለት ነጥብ ማለት ሁለት ቅንጣት አቧራ ነው፤ ጠርጎ ይጥለዋል። ፎቶ ቤቱ ባደሰው ህትመት ላይ አንድም ሁለት ነጥብ የለም። ማንም ልብ አላለውም።

ቀጥሎ ፎቶውን 180 ዲግሪ አዙሬ እንደገና ስካን አደረግሁት። ይህ ጥቂት ሰው የሚያውቀው፣ ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ነው። የስካነሩ መብራት የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለ ጭረትና እጥፋት ጉድጓድና ጉብታ ስላለው ጥላ ይጥላል፤ ፎቶው ሲዞር ጥላውም ቦታ ይቀይራል። የታተመው ምስል ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ አይለወጥም። ሁለቱን ስካኖች መልሼ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ የላይኛውን አብራ ጥፋ ሳደርግ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጉዳት ነው፤ ቆሞ የቀረው ምስል ነው። በላይኛው መስመር አንዱ ፊደል አናት ላይ ቆብ የሚመስል ነገር ነበር፤ ተንቀሳቀሰ። ቆብ አይደለም ማለት ነው።

ግን ይህ ዘዴ የማይይዘው አንድ አታላይ አለ፤ ኔጋቲቩ ላይ የነበረ ጭረት። የኔጋቲቩ ሽፋን ከተፋቀ ብርሃን በዚያ ቦታ አብዝቶ ስለሚያልፍ ህትመቱ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። እሱም ጠፍጣፋ ነው፣ ጥላ የለውም፣ ሲዞር አይንቀሳቀስም። ነጭ ታፔላ ላይ በጥቁር የተጻፈ ፊደል ካለ ደግሞ የፊደሉ አካል መስሎ ቁጭ ይላል። የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጭረት የታፔላውን ክፈፍ አያውቅም፤ ከፊደሉ አልፎ ግድግዳው ላይ፣ አንዳንዴ ሰማዩ ድረስ ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ከፊደሉ ይልቅ ስለት አለው። የፊደሉን ጠርዝ ሌንሱ ትንሽ አለስልሶታል፤ ጭረቱ ግን በሌንስ አላለፈም። አጉልታችሁ ስታዩ ከጎረቤቱ ሁሉ የተሳለ መስመር ካገኛችሁ ጠርጥሩት።

ለወየበው ቀኝ ጫፍ የረዳኝ ቀለሙ ነው። በቀለም ስካን አድርጉ የምለውም ለዚህ ነው። የደከመ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወደ ቢጫና ቡኒ ይሄዳል፤ ቢጫ የሚውጠው ሰማያዊ ብርሃንን ነው። ስለዚህ ከሦስቱ የቀለም ክፍሎች ሰማያዊውን ብቻ ለይታችሁ ብታዩት ለዓይን ከወረቀቱ ጋር የተመሳሰለው ፊደል ጠቆር ብሎ ይወጣል። ነፃ በሆነው GIMP ላይ ቦታው ይህ ነው፦

```
Colors > Components > Decompose
```

ለቡና ጠብታና ለቡኒ እድፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀዩን ክፍል ስትመለከቱ እድፉ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ፊደሎቹ። ከታችኛው መስመር ልጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው። "…ዓት ሠሪ" የሚለውን ያየ ሁሉ የጠፋው ድምፅ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰዓት ነው። ማንም አይከራከርም። ግን በየትኛዋ? በእሳቱ ሰ ወይስ በንጉሡ ሠ? ፎቶ ቤቱ ንጉሡን መርጧል። እንዴት እንደመረጠም ይታወቃል፤ እዚያው መስመር ላይ "ሠሪ" ከሚለው ቃል ሠን በ`Clone` መሣሪያ ገልብጦ ባዶው ቦታ ላይ አስቀምጧታል። ሁለቱ ሠዎች አጠገብ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላት አንዲት ነጭ ነቁጥ አለች፤ በተመሳሳይ ርቀት፣ በተመሳሳይ ጎን። ሁለት ፊደል በእጅ የጻፈ ሠዓሊ መንትያ ቆሻሻ አይጥልም።

እጥፋቱ የበላው የፊደሉን የላይኛውን ክፍል ነው። የታችኛው ሲሶ አለ። ሰማያዊው ክፍል ላይ ሁለት እግሮች ይታያሉ፤ በመካከላቸውም የታፔላው ነጭ እስከ ታች ድረስ ይወርዳል። ሠ ወደ ላይ የተከፈተች፣ ታችዋ የተዘጋ ፊደል ናት፤ እግር የላትም። ሰ ግን በሁለት እግሯ ትቆማለች። ስለዚህ ታፔላው የሚለው "ሰዓት ሠሪ" ነው፤ አንዷ እሳቱ፣ ሌላዋ ንጉሡ። ይህ ደግሞ የቀድሞዎቹ ጠንቃቆች የሚጽፉት አጻጻፍ ነው። ታፔላውን የጻፈው ሰው ሰና ሠን ለይቶ የሚያውቅ፣ ምናልባትም የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነበር። እድሳቱ በአንዲት ግልባጭ ፊደል መሃይም አድርጎታል። ብዙ ሰው "ድምፁ አንድ ነው፣ ምን ለውጥ አለው?" ይለኛል። ድምፁን ማን ጠየቀ? ፎቶው የያዘው ድምፅ አይደለም።

የላይኛው መስመር ይከብዳል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ሰማያዊው ክፍል ላይ ከ"ል" ቀጥሎ የሆነ ጥላ አለ፤ ፊደል ነው ለማለት የሚያስደፍር ቅርጽ የለውም። ስለዚህ ቅርጹን ትቼ ቦታውን መለካት ያዝሁ። ፎቶው የተነሣው ከጎን ስለሆነ የታፔላው ቀኝ ጫፍ ይጠባል፤ እንዳለ ከተለካ ውጤቱ ሐሰት ነው። በ`Perspective` መሣሪያ አራቱን ማዕዘኖች ወደ ትክክለኛ አራት ማዕዘን መለስኳቸው። ከዚያ ሳይጎዱ የቀሩትን የላይኛው መስመር ፊደላት ለካሁ፤ በአማካይ 88 ነጥብ ስፋት፣ በመካከላቸው 20 ነጥብ ክፍተት። ከ"ል" መጨረሻ እስከ ክፈፉ 245 ነጥብ አለ። በግራ በኩል ሠዓሊው ከክፈፉ የተወው ክፍተት 40 ነጥብ ነው። "ጁ" ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀኝ በኩል 137 ነጥብ ባዶ ይቀር ነበር፤ አንድ ሙሉ ፊደልና ከዚያም በላይ ማለት ነው። "ጆቹ" ቢሆን የሚቀረው 29 ነው። ይህ ለሽማግሌው ያደላል።

ግን ልክ ብቻውን አይበቃም። ታፔላ ጻፊዎች መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ቦታ አንሷቸው ፊደል ያጠባብቃሉ፤ ቦታ ሲተርፋቸው ደግሞ አበባ ወይም ኮከብ ይሥላሉ። ሰዓት ሠሪ ከሆነ ክብ ሰዓት ሊሥልበትም ይችላል። ባዶ ያልነበረ ቦታ ሁሉ ፊደል ነበር ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ያገኘሁት ነገር ሚዛኑን ትንሽ አዘነበለው። ከክፈፉ አጠገብ፣ በሁለተኛው ፊደል ቦታ፣ የአንዲት ቀጥ ያለች መስመር ታችኛ ክፍል አለች። ውፍረቷ 11 ነጥብ ነው፤ የሌሎቹ ፊደላት መስመርም ከ10 እስከ 12 ነው። ያበቃችው ሌሎቹ ፊደላት በሚያበቁበት መስመር ላይ ነው። ጠርዟ እንደ ሌሎቹ ለስላሳ ነው፣ ከክፈፉ ውጭ አትቀጥልም፣ ፎቶው ሲዞር አትንቀሳቀስም። ቀለም ናት እንጂ ጉዳት አይደለችም። ቹ እንደ ተ በአንድ እግር የምትቆም ፊደል ናት።

እኔ መልሱን ሰምቼ ነው የማየው፤ ዓይኔን አላምነውም። ስለዚህ ያቺን ቦታና ሌሎች አምስት ፊደላትን ለየብቻ ቆርጬ፣ ቃሉ እንዳይታወቅ ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቄ፣ ነገሩን ለማያውቁ ሦስት ጓደኞቼ ላክሁ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ምን ይታያችኋል? ለአጠራጣሪዋ አንዱ "ተ ወይም ቸ" አለ፤ ሁለተኛዋ "አንድ እግር ያለው ነገር" አለች፤ ሦስተኛው "ምንም አይታየኝም" አለ። ሳይጎዱ የቀሩትን አምስቱን ሦስቱም በትክክል ነው ያነበቧቸው። ከዚህ የማገኘው መልስ "ሁለት ፊደል ነበረ፤ ሁለተኛዋ በአንድ እግር የቆመች ነበረች" የሚል ብቻ ነው። ጆን ያየ የለም። የቹን ቆብ ያየ የለም፣ ካዕብ የምታደርጋትን ቅጥያም ያየ የለም።

ታዲያ ምን ጠገንሁ? የምመራበት ልክ ይህ ነው፦ ስንጥቁ ከፊደሉ መስመር ውፍረት ከጠበበ፣ መስመሩም በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል በዚያው አቅጣጫ ከወጣ እቀጥለዋለሁ። ስንጥቁ የመስመርን ጫፍ ከዋጠ፣ ማለትም ቅጥያ፣ ቀለበት ወይም ቆብ ሊኖር የሚችልበትን ቦታ ከዋጠ፣ አልነካውም። በዚህ ልክ "እና" ላይ ሁለት ቦታ፣ ስሙ ላይ አንድ ቦታ፣ "ሪ" ላይ አንድ ቦታ አገናኘሁ። ግድግዳውን፣ ሰማዩን፣ የበሩን እንጨት እንደልቤ ጠራረግሁ፤ እዚያ ላይ ብሳሳት ማንም ከማንም ጋር አይጣላም። የተነካው ሁሉ በተለየ ሌየር ላይ ስለሆነ በአንድ ጠቅታ አጥፍቶ ዋናውን ማየት ይቻላል። የሰዓት ሰ ላይ ሁለቱን እግሮች አጠራሁ፤ አናቷ የነበረበትን እጥፋት ወደ ታፔላው ግራጫነት አለዘብሁት እንጂ አናት አልሣልሁላትም። የላይኛው መስመር መጨረሻም እንዲሁ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

ንባቡ ያለው ሥዕሉ ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ ነው። የድንጋይ ጽሑፍ የሚያነቡ ሊቃውንት ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የላይደን ስምምነት የሚባል የምልክት ሥርዓት አላቸው፤ የጠፋውንና አንባቢው ራሱ የሞላውን ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያስገባሉ። ለአንድ የፒያሳ ታፔላ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም። በፎቶው መግለጫ ላይ ያሰፈርሁት፦ "እና ል[ጆቹ] ፡ [ሰ]ዓት ሠሪ"። ሰን ቅንፍ ውስጥ ያስገባኋት እግሮቿን ብቻ ስላየሁ ነው። ያኛው ቅንፍ ምን ያህል ከዚህኛው የደከመ እንደሆነ ደግሞ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ።

ሴትዮዋ ሲያዩት ቅር አላቸው። "ይህማ ጎዶሎ ነው፤ ያኛው ይሻላል" አሉኝ። ለመስቀል ያማረው ያኛው ነው፣ አልዋሸኋቸውም። ከፈለጉ ለግድግዳ የሚሆን ሌላ ቅጂ፣ የተገመቱት ፊደላት በግልጽ በተለየ ቀለም የገቡበት፣ ላዘጋጅላቸው እንደምችል ነገርኳቸው። እሱን አልፈለጉም። ጎዶሎውን ይዘው አጎታቸው ጋ ሄዱ።

ሽማግሌው ፎቶውን ረጅም ጊዜ ይዘውት እንደቆዩ ሰማሁ። ቅንፏ ምን እንደሆነች ጠይቀዋል። "አልታየም ማለት ነው፤ ግን ቦታ አለው" ብለው አስረዷቸው። እሳቸውም የሱቁ የደረሰኝ ጥራዝ እንደነበረ፣ አናቱ ላይም ያው የታፔላው ጽሑፍ በማኅተም ይመታበት እንደነበረ ትዝ አላቸው። ይህ ከእኔ ነጥብ ቆጠራ ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ ከሌላ አቅጣጫ የተነሣ ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ ማኅተም፣ ደብዳቤ ካለ ስካነሩ ይቀመጥ። የታላቅ ወንድማቸው ልጆች ቤት የአሮጌ ወረቀት ሳጥን አለ ተብሏል። ሴትዮዋ ለመጠየቅ ፋሲካን እየጠበቁ ነው።